በካሬ የማይከፈለው ሥራ

ከረፋዱ አራት ሰዓት አልፏል፤ ወለሉ ላይ ግን አንድም ሴራሚክ አልተነጠፈም። ቦሌ አራብሳ በሚገኝ አንድ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ዋናው ባለሙያና ረዳቱ በሲባጎ ሁለት ጫፍ ተንበርክከዋል። ሲባጎው ሰማያዊ ዱቄት ታሽቷል። ባለሙያው ወጥሮ ይዞ በሁለት ጣቱ ብድግ አደረገና ለቀቀው፤ ግራጫው ሲሚንቶ ላይ ቀጥ ያለ ሰማያዊ መስመር ቀረ። የቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ያያሉ።

"ጎረቤቴ ቤት የገቡት ልጆች እኮ በዚህ ሰዓት ግማሹን ጨርሰው ነበር" አሉ።

"ከየት ጀመሩ፣ እትዬ?"

"ከግድግዳው ነዋ! ሌላ ከየት ይጀመራል?"

ባለሙያው መልስ አልሰጠም፤ ሜትሩን እንደገና ዘረጋ።

የሴትየዋ ቅሬታ አይገርምም። ሴራሚክ አንጣፊ የሚከፈለው በካሬ ነው። ክር ሲወጥር፣ ሲለካ፣ ያለማጣበቂያ ደርድሮ ሲያይ የሚያጠፋው ጊዜ በካሬ ሜትር አይቆጠርለትም። ከሴራሚኩ ሥር የሚገባው ማጣበቂያም ሙሉ ሆነ ጎዶሎ፣ ሲረካከቡ አይታይም። የአንድ ወለል ዕድሜ ግን የሚወሰነው በእነዚህ በማይከፈልባቸው ሁለት ነገሮች ነው፤ መስመሩ የት ላይ አረፈ፣ ከሥሩስ ምን አለ።

ክፍሉን አብረን እንለካው። ወርዱ 3 ሜትር ከ80፣ ቁመቱ 4 ሜትር ከ62 ነው። የተገዛው ሴራሚክ 60 በ60 ነው። በሁለት ሴራሚኮች መካከል የሚተወው ክፍተት 3 ሚሊ ስለሆነ፣ አንዱ ከነክፍተቱ 60.3 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። ከግድግዳው ጋር ደግሞ ዙሪያውን 8 ሚሊ ያህል ይተዋል፤ ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ።

እንደ ጎረቤት ቤቱ ልጆች ከአንዱ ግድግዳ ብንጀምር፣ በወርዱ ስድስት ሙሉ ሴራሚክ ይገባና ማዶ ግድግዳው ሥር 16.6 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይቀራል። በአንዱ ወገን ሙሉ፣ በሌላው ወገን የሩብ ያህል ማለት ነው። ክፍሉ ባዶ ሳለ ይህ ዓይን ላይ ይቆማል፤ ወለሉ ወደ አንድ ጎን የተገፋ ይመስላል።

ታዲያ ከመሃል መጀመር ብቻውን ይበቃል? አይበቃም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የመሃል መስመሩን አስምረን ሁለት ሴራሚኮች መስመሩ ላይ እንዲገናኙ ብናደርግ፣ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሙሉ ይገቡና በየግድግዳው ሥር 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ቅንጥብጣቢ ትቀራለች። አሁን በአንዱ ወገን የነበረው ችግር በሁለቱም ሆነ ማለት ነው። ስምንት ሳንቲ ሜትር በስድሳ ሳንቲ ሜትር የሆነች ቁራጭ ስትቆረጥ በቀላሉ ትሰበራለች፤ ብትነጠፍም የምትይዘው ስፋት ጥቂት ስለሆነ ቀድማ የምትነቀለው እሷ ናት።

መፍትሔው ድርድሩን በግማሽ ሴራሚክ ማሸጋሸግ ነው። መስመሩ በሁለት ሴራሚኮች መካከል በማለፍ ፈንታ በአንዱ ሴራሚክ እምብርት ላይ ይለፍ። እንዲህ ሲሆን አምስት ሙሉ ይገቡና በግራም በቀኝም 38.3 ሳንቲ ሜትር የሆኑ እኩል ቁራጮች ይቀራሉ። ከግማሽ በላይ ስለሆኑ ቁራጭ መሆናቸውን ዓይን ልብ አይልም።

በቁመቱ በኩል ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ መገናኛው መስመሩ ላይ ቢያርፍ በሁለቱም ጫፍ 49 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፤ እሱን በግማሽ ብናሸጋሽግ ግን ወደ 19 ይወርዳል። ስለዚህ በወርዱ ይሸጋሸጋል፣ በቁመቱ ባለበት ይቀመጣል። ደንቡ ይኸው ነው፤ ጫፍ ላይ የሚቀረው ከግማሽ ሴራሚክ ካነሰ አሸጋሽግ፣ ካላነሰ አትንካው። ሁለቱ አቅጣጫዎች እየብቻቸው ይሰላሉ።

ባለሙያው ይህን ሁሉ በወረቀት አልሠራውም። የየሴራሚኩንና የየክፍተቱን ልክ ያሰመረበት አንድ የጣውላ ቁራጭ አለው፤ ስድስት ሴራሚክ ከነክፍተታቸው የሚይዙት ርዝመት ተመልክቶበታል። ጣውላውን ከመሃል መስመሩ ወደ ግድግዳው አጋድሞ አየና "ይሄኛው ይዞራል" አለ። ረዳቱ አሮጌውን መስመር በእርጥብ ጨርቅ አጠፋ።

ለግድግዳው ወገን የሚከራከር ሰው አንድ እውነት በእጁ አለው፤ እሱን መደበቅ ተገቢ አይሆንም። ከግድግዳ ሲጀመር የሚቀረው 16.6 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከአንድ ሴራሚክ ሦስት ቁራጭ ይወጣል፤ ለዚህ ክፍል 51 ሴራሚክ ይበቃል። ከመሃል ሲጀመር ግን እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ሴራሚክ ስለሚፈልግ 56 ይሄዳል። በካርቶን አራት ስለሚገባ ልዩነቱ የአንድ ካርቶን ነው፤ አሥራ ሦስት ወይስ አሥራ አራት። ዞኮሎው ከዚያው ሴራሚክ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ካርቶኑ አይባክንም። ከየረድፉ ሁለት ጫፍ የሚተርፈው ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ለሁለት ቢሰነጠቅ ሁለት የ10 ሳንቲ ሜትር ዞኮሎ ይወጣዋል። በስምንቱ ረድፍ ከ18 ሜትር በላይ ዞኮሎ ይገኛል፤ የክፍሉ ዙሪያ 17 ሜትር አይሞላም። ግማሾቹ የፋብሪካ ጠርዝ ስለሌላቸው የላይኛውን ጠርዝ መሞረድ ይጠይቃሉ፤ ያ ደግሞ በካሬ አይከፈልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግድግዳዎቹ ራሳቸው ትክክል ናቸው ወይ የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይደሉም። የዚህ ሳሎን ወርድ በረንዳው ጋ 3 ሜትር ከ80 ሲሆን በሩ ጋ 3 ሜትር ከ77 ነው። ግድግዳን ተከትሎ የሄደ ሰው የግድግዳውን ስህተት ወደ ወለሉ ያጋባዋል፤ ሦስቱ ሳንቲ ሜትርም በሙሉ ማዶ ባለችው ጠባብ ቁራጭ ላይ ይወድቃል። በአንዱ ጫፍ 16 ተኩል የነበረችው በሌላው 13 ተኩል ትሆናለች፤ ማንም ገብቶ ያየው ሰው ጠመም ያለች መሆኗን ያውቃል። ከመሃል ሲሆን ስህተቱ ለሁለት ይካፈላል። በየወገኑ 38 የነበረው ወደ 37 ግድም ይወርዳል፤ ያንን በሜትር ካልሆነ በዓይን የሚያገኘው የለም።

መስመሩ የሚሰመረው የሁለቱን አጫጭር ግድግዳዎች አጋማሽ በማገናኘት ነው። ሁለተኛው መስመር ይህንን በቀጤ ነክ ማቋረጥ አለበት። ስኳድራ ለዚህ ትንሽ ናት፤ አንድ ሚሊ ስታዛባ አራት ሜትር ላይ ስንት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ባለሙያው ከመገናኛው ተነስቶ በአንዱ መስመር 1 ሜትር ከ50፣ በሌላው 2 ሜትር ለካና ምልክት አደረገ። ከዚያ የሁለቱን ምልክቶች ርቀት ለካ። ልክ 2 ሜትር ከ50 ከሆነ መስቀሉ ቀጥ ብሏል። አንድ ሳንቲ ሜትር ጎድሎ አገኘውና ሁለተኛውን መስመር ገፋ አድርጎ እንደገና ለካ። ቁጥሮቹ ትልልቅ በሆኑ መጠን ስህተቱ ይበልጥ ይጋለጣል፤ በ30፣ 40 እና 50 ሳንቲ ሜትር የሚለካ ሰው ለሳሎን አይበቃውም።

ማጣበቂያ ሳይነካ በመስቀሉ በሁለቱም ክንድ አንድ አንድ ረድፍ ሴራሚክ ደረቁን ተደረደረ። እዚህ ላይ ስሌቱ ከእውነቱ ጋር ይፋጠጣል። የሚታየው በተለይ በሩ ነው፤ ደፉ ላይ ቅንጥብጣቢ የሚወድቅ ከሆነ አሁንም መስመሩን ማሸጋሸግ ይቻላል። እኔ በበኩሌ ምርጫ ከገባ ለበሩ እፈርዳለሁ፤ ግድግዳው ሥር ሶፋ ይቀመጣል፣ በሩ ላይ ግን የሚቀመጥ ነገር የለም።

ክፍተቱን እኩል የሚያደርገው ትንሿ የፕላስቲክ መስቀል ትመስላለች። ግማሽ እውነት ነው። መስቀሏ በሁለት ጠርዞች መካከል 3 ሚሊ ትጠብቃለች፤ ሴራሚኮቹ ራሳቸው እኩል መሆናቸውን ግን አትጠብቅም። ሴራሚክ በእሳት የሚጋገር ሸክላ ነውና ሲደርቅና ሲጋገር ይኮማተራል፤ ኩምትርቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ረዳቱ ከሦስት ካርቶን የወሰዳቸውን አሥር ሴራሚኮች ጠርዝ ለጠርዝ አቁሞ ጣቱን በላያቸው አሳለፈ። በትልቁና በትንሹ መካከል አንድ ሚሊ ገደማ ልዩነት ተገኘ። በሙያው የሚታወቀው መለኪያ፣ ክፍተቱ ከዚህ ልዩነት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን ይላል። አንድ ሚሊ ልዩነት ላለው ሴራሚክ ከሦስት ሚሊ በታች መተው አይቻልም ማለት ነው። "ክፍተት አይታይብኝ፣ ተጣብቆ ይነጠፍ" የሚል ደንበኛ ብዙ ነው፤ ሴራሚኩ ግን አይፈቅድም። ልዩነቱ የሚሸሸግበት ቦታ ካጣ በአራቱ ጥግ መገናኛ ላይ እንደ መሰላል ይወጣል።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፉት የቀለም ድምቀትና የመጠን ቁጥሮችም የሚታዩት አሁን ነው። ሁለት ካርቶን ስሙ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ከተለያየ፣ አንድ ዓይነት ሴራሚክ አይደለም።

ለዚህ ነው ባለሙያው መስቀሏን ብቻ የማያምነው። በየሁለት ሴራሚኩ፣ ማለትም በየ120.6 ሳንቲ ሜትሩ፣ ተጨማሪ ሰማያዊ መስመር አስምሯል። በአንድ ክፍተት የምትገባ ግማሽ ሚሊ ስህተት ከሰባት ሴራሚክ በኋላ ከሦስት ሚሊ ታልፋለች። መስመሩ ባለበት ግን ሁለት ሴራሚክ ሳይሄድ ትያዛለች። መስቀሏ ጓደኛ ናት፤ ዳኛው መስመሩ ነው።

አሁን ከሥር ወዳለው እንሂድ።

በብዙ ቤት የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ማልታ ይቦካል፣ በሴራሚኩ ጀርባ አምስት ቦታ፣ በአራቱ ጥግና በመሃል፣ ይጠፈጠፋል፤ ከዚያ ተገልብጦ በጎማ መዶሻ እየተመታ ውሃ ልክ እስኪገባ ይወርዳል። ፈጣን ነው፤ ወለሉ ጎርበጥባጣ ቢሆንም ማልታው ይሸፍነዋል። አንጣፊዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። አሁን እናስላው። እያንዳንዱ ጥፍጥፍ ከተመታ በኋላ 16 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሆነ እንበል፤ ይህ ቸር ግምት ነው። አምስቱ ተደምረው ወደ 1,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሸፍናሉ። የሴራሚኩ ጀርባ 3,600 ነው። ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ አልያዘም። የቀረው ባዶ አየር ነው።

በዚያ ባዶ ላይ የፍሪጅ እግር ወይም የሴት ጫማ ተረከዝ ሲያርፍ ሴራሚኩ ድልድይ ይሆናል። ሸክላ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲያጎብጡት ግን አይችልም። ስንጥቁ ከባዶው ጠርዝ ይጀምራል፤ ጥግ ከሆነ ጥጉ ይፈነገላል። መታጠቢያ ቤትና በረንዳ ላይ ደግሞ ባዶው ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። የአሜሪካ የሴራሚክ ሥራ መለኪያ ለደረቅ የውስጥ ክፍል ቢያንስ 80 በመቶ፣ ለእርጥብ ቦታና ለውጭ 95 በመቶ ጀርባው ማጣበቂያ እንዲነካ ይጠይቃል፤ ጠርዝና ጥጉም ሙሉ በሙሉ መደገፍ አለበት። አምስት ጥፍጥፍ 28 በመቶ ነው።

ወፍራም ማልታ ራሱ ኃጢአተኛ አይደለም። ሙሉ አልጋ ሆኖ ከተደላደለና ሴራሚኩ በትኩሱ ተመትቶ ከገባ ዕድሜ አለው፤ በአያቶቻችን ዘመን እንዲህ የተነጠፉ ወለሎች ዛሬም አሉ። ነገር ግን ያኔ የነበረው ሴራሚክ ውሃ የሚጠጣ ነበር። ሳይት ላይ ሴራሚክ በበርሜል ውሃ የሚነከረው ለዚያ ነው፤ ደረቁ ሸክላ የማልታውን ውሃ መጥጦ እንዳያደርቀው። የሲሚንቶው ውሃ ወደ ሸክላው ቀዳዳ ገብቶ ሲጠነክር ሥር ይሰዳል። ዛሬ ለወለል በብዛት የሚሸጠው ፖርሲሊን ግን ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ እንኳ አይጠጣም። ቢነክሩት ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም እርጥብ ጀርባው ማጣበቂያውን ያቀጥነዋል። ተራ ሲሚንቶ ሥር የሚሰድበት ቀዳዳ ስላጣ በላዩ ላይ ተኝቶ ይደርቃል። ከዓመት በኋላ ሲነሳ ጀርባው ታጥቦ የወጣ ሳህን ይመስላል፤ አንዲት የሲሚንቶ ቅንጣት አልያዘችውም። ለፖርሲሊን የሚያስፈልገው ፖሊመር ያለበት የፋብሪካ ማጣበቂያ ነው። ከረጢቱ ላይ ሲ-1 እና ሲ-2 የሚል ምልክት አለ፤ ሲ-2 የሚለው ቢያንስ እጥፍ የመያዝ አቅም እንዲኖረው ይጠበቃል። ለ60 በ60 ፖርሲሊን ሲ-2 ይገዛ።

በቀጭን ማጣበቂያ የሚሠራ ሰው ግን አንድ ዕዳ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ወለሉ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ማልታ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ይሞላል፣ ማጣበቂያ አይሞላም። ለእንዲህ ያለ ትልቅ ሴራሚክ በሦስት ሜትር ርቀት ውስጥ ከ3 ሚሊ በላይ ከፍታና ዝቅታ መኖር የለበትም። ባለሙያው ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ዘንግ በወለሉ ላይ እያዞረ፣ ብርሃን ከሥሩ የሚያልፍበትን ቦታ በጠመኔ ከብቦ፣ ከትናንት በስቲያ በማስተካከያ ሲሚንቶ ሞልቶታል። ዛሬ አቧራውን ጠርጎ በእርጥብ ስፖንጅ አበሰው። አቧራ ላይ የተለጠፈ ማጣበቂያ የሚይዘው አቧራውን ነው።

ረዳቱ ባልዲው ውስጥ መጀመሪያ ውሃውን፣ ከዚያ ዱቄቱን ጨመረ። በመቀላቀያ ካሸው በኋላ ትቶት ሄደ። ፖሊመሩ እስኪሟሟ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያርፋል፤ ከዚያ ዳግመኛ ይታሻል። ቆይቶ ሲጠጥር ውሃ ጠብ ማድረግ ግን የለም።

"ጋሼ፣ ትንሽ ጠንከር አላለም?" አለ ረዳቱ።

"እሸው እንጂ ውሃ አታስነካው።"

አቀባቡ ሦስት እንቅስቃሴ አለው። መጀመሪያ በጥርሳሙ ማንኪያ ለስላሳ ጎን ቀጭን ሽፋን ወለሉ ላይ ተጭኖ ይታሻል፤ ይህ ማጣበቂያውን ወደ ሲሚንቶው ቀዳዳ ያስገባዋል። በላዩ ላይ ተጨምሮ በጥርሱ በኩል ይሰነተራል፤ ለዚህ ሴራሚክ 10 ሚሊ ጥርስ ይዟል። ሦስተኛ፣ የሴራሚኩ ጀርባ ራሱ ስስ ሽፋን ይቀባል። ከዚያ በፊት ግን ረዳቱ ጀርባውን በጨርቅ ጠረገው፤ ጨርቁ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። ሴራሚኩ ሲጋገር ከምድጃው ተሽከርካሪ ዘንጎች እንዳይጣበቅ የሚቀባ ነው፤ ካልተጠረገ እዚህም እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

አሁን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ይመጣል። ባለሙያው የሚሰነትራቸው መስመሮች እንደ እርሻ ትልም ቀጥ ብለው በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ብዙ አንጣፊ እጁን እያዞረ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅርጽ ይሠራል፤ ያምራል፣ ግን ክቡ መስመር ከሴራሚኩ ሥር አየሩን ዘግቶ ያስቀረዋል። ቀጥ ያለው ትልም ጫፉ ክፍት ነው። ሴራሚኩ ከተቀመጠ በኋላ ባለሙያው በሁለት መዳፉ ተጭኖ ትልሙን በሚያቋርጥ አቅጣጫ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደፊት ገፋው፣ መልሶ ሳበው። በዚህ ጊዜ የትልሙ ጀርባ ተደርምሶ ጎድጓዳውን ይሞላል፣ አየሩም በጫፉ በኩል ይወጣል። 10 ሚሊ የነበረው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ወደሆነ ሙሉ አልጋ ይለወጣል። በትልሙ አቅጣጫ ብቻ ቢገፋ ወይም ከላይ በመዶሻ ብቻ ቢመታ ጎድጓዶቹ ባሉበት ይቀራሉ።

የመጀመሪያው ሴራሚክ ከተቀመጠ በኋላ ባለሙያው መልሶ አነሳው። የቤቱ ባለቤት ደነገጡ።

"ምነው፣ ተበላሸ?"

"አይ እትዬ፤ ጀርባውን ልይ ብዬ ነው። ይኸው፣ እርስዎም ይዩት።"

ጀርባው ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራጫ ሆኗል፤ አንድ ጥግ ላይ ብቻ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል፣ ከስሱ ሽፋን በቀር ምንም ያልነካው ቦታ ቀርቷል፤ ወለሉ ላይ ያሉት ትልሞችም እዚያ አልተደረመሱም። ወለሉ እዚያ ጋ ትንሽ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ጥጉ ላይ ጨምሮ ሰነተረና መለሰው። ጥርሱ ለዚህ ወለል መብቃቱን፣ ማጣበቂያው አለመጠጠሩን፣ የእጅ ግፊቱ መድረሱን በአንዴ የሚናገር ሌላ ምርመራ የለም። ከዚያ በኋላም በየመሃሉ፣ በተለይ አዲስ ባልዲ ሲጀመር፣ አንድ እያነሱ ማየት ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ከአንጣፊው አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ቢችል ይህን ይጠይቅ፤ "አንዱን አንሳልኝ"።

የአዲስ አበባ የበጋ ነፋስ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። ተራ ማጣበቂያ ከተሰነተረ በኋላ ሴራሚክ ለመቀበል 20 ደቂቃ ያህል ይታገሣል፤ ያ የላቦራቶሪ አየር ነው። በረንዳው ተከፍቶ ደረቅ ነፋስ ሲገባ ላዩ ቶሎ ቆዳ ያወጣል። ከሥር እርጥብ ነውና ዓይንን ያታልላል። ባለሙያው በጣቱ ይነካል፤ ጣቱ ላይ ከቀረ ይሠራል፣ ንጹህ ሆኖ ከተመለሰ ተጠርጎ ይጣላል። ስለዚህ በአንዴ የሚቀባው ለሁለት ሴራሚክ የሚበቃውን ብቻ ነው፤ የበረንዳውንም በር አዘግቶታል።

በቅርብ ዓመታት የመጡት ከፍና ዝቅን የሚያስተካክሉ ክሊፕና ሽብልቆች ሥራውን አቅልለዋል፤ ጠርዝ ከጠርዝ ከአንድ ሚሊ በላይ እንዳይበላለጥ ያግዛሉ። አንድ ተንኮል ግን አላቸው። ዝቅ ያለውን ሴራሚክ ሽብልቁ ጎትቶ ሲያነሳው፣ ከማጣበቂያው አላቅቆት ከሥሩ አዲስ ባዶ ይፈጥራል። ከላይ ሲያዩት ወለሉ መስታወት ነው። ክሊፕ የተሞላን ያስተካክላል እንጂ ጎዶሎን አይሞላም።

አነጣጠፉ ከመስቀሉ መገናኛ ተነስቶ አንዱን ሩብ እየሞላ ወደ በሩ ይመለሳል፤ ማንም ትኩሱ ላይ መርገጥ የለበትም። ሙሉ ሙሉዎቹ ቀድመው ያልቃሉ፤ የግድግዳ ሥር ቁራጮች እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ተለክተው በመጨረሻ ይገባሉ፤ ያቺ ሦስት ሳንቲ ሜትር መጥመም የምትዋጠው እዚህ ነው። በየክፍተቱ የሚገነፍለው ማጣበቂያ ሳይደርቅ በቢላ ይጸዳል፤ አለበለዚያ ፉጋው የሚገባበት ጥልቀት ያጣል። መስቀሎቹም ፉጋ ከመደረጉ በፊት ይነቀላሉ።

ዙሪያውን የተተወው 8 ሚሊ ደግሞ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ማልታም ፉጋም አይገባበትም። ወለል በፀሐይ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ከሥሩ ያለው አዲስ ሲሚንቶ ደግሞ ለወራት ይኮማተራል። ሁለቱ ተገፋፍተው መሸሻ ካጡ ወለሉ መሃል ላይ እንደ ድንኳን ይነሳል። አንዳንድ ቤት በሌሊት ፈንድቶ ሰው የሚያስደነግጠው ወለል ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ዳር እስከ ዳር ተጠቅጥቆ፣ ከሥር በአምስት ጥፍጥፍ ብቻ የተያዘ።

ፉጋው በማግስቱ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ተደረገ። ርክክቡ ላይ ባለቤቷ በሳንቲም እየቆረቆሩ ዞሩ፤ መቆርቆር ተገቢ የሚሆነው ማጣበቂያው ከጠነከረ በኋላ ነው። ሙሉ ቦታ ደፈን ያለ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶው እንደ ከበሮ ይመልሳል። ከሃምሳ ስድስቱ አንዱ፣ በረንዳው በር ሥር ያለው ቁራጭ፣ በአንድ ጫፉ ከበሮ ሆነ። መሃሉ ላይ ትንሽ ባዶ ድምፅ ቢኖር ሊታለፍ ይችል ነበር፤ ጠርዝ ላይ ሲሆን ግን፣ ያውም ሰው በሚረግጠው በር ሥር፣ አይታለፍም። በፉጋው በኩል በመርፌ ወግቶ ሙጫ መሙላት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ሙጫው የት እንደደረሰ የሚያይ ግን የለም። ባለሙያው ፉጋውን በዙሪያው ቆርጦ ሴራሚኩን ሰብሮ አወጣው፤ ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ ትልሙ እንዳለ፣ ላዩ ቆዳ አውጥቶ ደርቋል። የበረንዳው በር ለአፍታ በተከፈተበት ጊዜ የተቀባ ነው።

"ለዚህስ አይከፈልህም እንዴ?" አሉ ባለቤቷ።

"አይከፈልም" አለና አሮጌውን ማጣበቂያ በመሮ እስከ ሲሚንቶው ድረስ መፈቅፈቅ ጀመረ፤ ካልወረደ አዲሱ ሴራሚክ ከጎረቤቶቹ በላይ ይቆማል። አሥራ አራቱ ካርቶን በሃምሳ ስድስቱ ስላለቀ፣ ምትኩ የተቆረጠው አስቀድሞ ቁጥሩ ታይቶ ከተገዛው አሥራ አምስተኛ ካርቶን ነው። በውስጡ የቀሩትን ሦስቱን ከነካርቶኑ አልጋ ሥር እንዲያስቀምጡ ነገራቸው፤ ያ የመጠንና የቀለም ቁጥር ከዓመት በኋላ ገበያ ላይ አይገኝም።